ምጣዱ ምን አጠፋ?

ክረምት ላይ አርሲዲ ሲወርድ የሚደነቅ ሰው የለም። የግቢው መብራት ውስጥ ውሃ ገብቶ ይሆናል፣ ግድግዳው ረጥቦ ይሆናል፤ ሰበቡ ከደጅ ነው። ግራ የሚያጋባው ጥር ላይ፣ ዝናብ ከጣለ ወራት ካለፉ በኋላ፣ ግቢው አቧራ በሆነበት ቀን የሚወርደው ነው። ዛሬ ጠዋት ይወርዳል፣ ይመልሱታል፤ ሁለት ቀን ዝም ይላል፤ ከዚያ በአንድ ከሰዓት ሦስቴ ቤቱን መብራት ያሳጣዋል። ቴክኒሻን በተጠራበት ቀን ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ንቅንቅ አይልም።

አርሲዲ የምንለው በብሬከር ሳጥኑ ውስጥ ከሌሎቹ ሰፋ ያለውን፣ «ቲ» የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል ያለበት ትንሽ መሞከሪያ ቁልፍ የተገጠመለትን ነው። ኧርዝ ሊኬጅ የሚሉትም አሉ። ተራው ብሬከር የሚወርደው ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲጫን ወይም ፌዝና ኒውትራል ሲገናኙ ነው። አርሲዲ ግን የሚወርደው ኤሌክትሪክ ከመንገዱ ወጥቶ ወደ መሬት ሲፈስ ነው። ሰው ሲነዝረው የሚደርስለትም ይኸኛው ነው እንጂ ተራው ብሬከር አይደለም።

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ቪላ ቤት እንውሰድ። ሳጥኑ ውስጥ አንድ አርሲዲ፣ ከእሱ በታች ሰባት ብሬከሮች አሉ። ከኅዳር ጀምሮ አርሲዲው መውረድ ያዘ። የቤቱ እመቤት ጥፋተኛውን ለማግኘት አልዘገዩም፤ «እንጀራ ስጋግር ነው» አሉ። እውነትም ብዙውን ጊዜ የሚወርደው ምጣዱ በተሰካበት ሰዓት ነበር። የምጣዱን ብሬከር አጥፍተው በዋሉበት ቀን ደግሞ አንዴም አልወረደም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? የመጀመሪያው ቴክኒሻን የምጣዱን ሽቦ ቀየረ፤ በሳምንቱ ወረደ። ሁለተኛው አርሲዲውን ራሱን በአዲስ ቀየረ፤ አዲሱም ወረደ። ቀጥሎ ከጎረቤት ምክር መጣ፤ «አውጡትና ተራ ብሬከር አስገቡበት፣ እኛም እንደዚያ አድርገን ተገላገልን።»

ይህ ምክር በየሰፈሩ ስለሚሰማ አንድ ነገር ልበል። አርሲዲውን ማውጣት ወይም የምጣዱን የኧርዝ ሽቦ መቁረጥ መውረዱን ያስቆማል፣ እውነት ነው። ፍሳሹን ግን አያስቆምም። ኧርዙ የተቆረጠበት ምጣድ ቢያፈስ ኤሌክትሪኩ ብረቱ ላይ ተቀምጦ የሚነካውን ይጠብቃል። ምጣድ ወይም ፍሪጅ እየነዘረ አርሲዲው የማይወርድበት ቤት ካለ፣ ያ ቤት ከሚወርድበት ቤት የባሰ ችግር አለበት።

ሦስተኛው ቴክኒሻን መጣ። ምጣዱን ከሶኬቱ ነቅሎ በሜትር ለካው፤ ከሽቦው ወደ አካሉ የሚያልፍ ነገር የለም። ከዚያ ሴትየዋን ጠየቃቸው።

«እትዬ፣ ከምጣዱ ሌላ ከባድ ነገር ምን አለዎት?»

«ቦይለር አለ፣ ካውያ አለ፣ ምድጃም አለ።»

«ምጣዱ ይቆይና ሦስቱን አንድ ላይ እናብራቸው።»

ተበሩ። ቡናው ሳይፈላ አርሲዲው ወረደ።

«ውይ! እነዚህም ተበላሹ ማለት ነው?»

«የለም እትዬ፣ እነዚህም ደህና ናቸው፣ ምጣዱም ደህና ነው። ሌላ ቦታ ያለ ጥፋት ነው የሚያሳጣቸው።»

ይህን ለመረዳት መሣሪያው ምን እንደሚያይ ማወቅ ይበቃል። በፌዙ ሽቦ ወደ ቤት የገባው ኤሌክትሪክ ሁሉ በኒውትራሉ ተመልሶ መውጣት አለበት። አርሲዲው ውስጥ ሁለቱ ሽቦዎች በአንድ የብረት ቀለበት መሃል ያልፋሉ። የሚገባውና የሚወጣው እኩል ሲሆን የአንዱን ማግኔት ሌላው ያጠፋዋል፤ ቀለበቱ ምንም አይሰማውም። ከመንገድ የቀረ ካለ ግን ልዩነቱ ቀለበቱ ላይ በተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ውስጥ ምልክት ይፈጥራል፣ ምልክቱም መያዣውን ያስለቅቀዋል። በቤት ውስጥ ሰውን ለመጠበቅ የሚገጠመው የ30 ሚሊ አምፒሩ ነው። በደረጃው መሠረት 30 ሚሊ አምፒር ሲደርስ የግድ መውረድ አለበት፤ ከ15 በታች ሲሆን ደግሞ መውረድ የለበትም። በ15 እና በ30 መካከል ግን ሊወርድም ላይወርድም ይችላል። «እንዲሁ በዘፈቀደ ይወርዳል» የሚባለው አርሲዲ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ መካከል ላይ የቆመ ነው።

አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ከሆነ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፒር ይስባል፤ ይህ ማለት 16 ሺህ ሚሊ አምፒር ነው። ከዚህ ውስጥ 30ዋ፣ ማለትም ከአምስት መቶ አንድ እጅ እንኳ የማትሞላው፣ መንገድ ከሳተች መሣሪያው ይወርዳል። ልብ ማለት የሚያስፈልገው ግን ሌላ ነገር ነው። መሣሪያው የሚያውቀው መቀነስ ብቻ ነው። የትኛው መስመር፣ የትኛው ዕቃ፣ ፌዙ ይሁን ኒውትራሉ፣ አያውቅም።

ሰው «ሊኬጅ» ሲባል የሚያስበው ፌዙ ወደ ዕቃው ብረት ሲፈስ ነው። ይህ በእርግጥ አለ፣ የራሱም ምልክት አለው። የማሞቂያ ሽቦ ያለባቸው ዕቃዎች፣ ለምሳሌ ቦይለርና ኦቨን፣ ሽቦው በብረት ቱቦ ውስጥ በነጭ ዱቄት ተከቦ ነው የሚቀመጠው። ዱቄቱ ማግኒዝየም ኦክሳይድ ሲሆን እርጥበት ይስባል። የቱቦው ጫፍ ላይ ያለው መድፈኛ ሲሰነጠቅ ከአየሩ ብቻ ጠጥቶ ማፍሰስ ይጀምራል፤ ዝናብ አያስፈልገውም። ወራት ሳይበራ የቆየ ኦቨን ለበዓል ሲበራ አርሲዲውን የሚጥለው በዚህ ነው። ምጣድም ሸክላው ተሰንጥቆ ሊጥ ከወረደበት ገና ሲሰካ ይጥላል፣ ሲሞቅና ሲደርቅ ይተዋል። ቦይለር ከሆነ የሚጥለው ቴርሞስታቱ ማሞቂያውን በሚያስነሳበት ቅጽበት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ ዝም ብሎ ይቆይና ሰው ታጥቦ ውሃው ሲቀዘቅዝ ይወርዳል። በረዶ በራሱ የሚያቀልጥ ፍሪጅ ደግሞ የማቅለጫ ማሞቂያው በየጥቂት ሰዓቱ ስለሚበራ፣ ማንም ባልነካው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን ይጥላል። ስለዚህ ወረቀት ሳጥኑ ላይ ለጥፎ የወረደበትን ሰዓትና በዚያን ጊዜ ይሠራ የነበረውን ሁሉ መጻፍ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የሚመጣ ምርመራ ነው።

በቪላው ወረቀት ላይ ግን እንዲህ ያለ ሥርዓት አልነበረም። ምጣዱ ሲሰካም ወርዷል፣ ግማሽ ሰዓት ከጋገረ በኋላም ወርዷል፣ እንጀራው ሙሉ በሙሉ ተጋግሮ ያልወረደበትም ቀን አለ። አንዴ ደግሞ ማታ፣ ቤቱ ውስጥ ከቴሌቪዥንና ከአምፖል በቀር ምንም ሳይበራ ወርዷል። የዚህ ዓይነት ዝርዝር ወደ ሁለተኛው የፍሳሽ ዓይነት ይመራል፤ ወደ ኒውትራሉ።

በብዙ ቤቶች ያለው ተራ ብሬከር የሚቆርጠው ፌዙን ብቻ ነው። የሰባቱም መስመሮች ኒውትራል ከአርሲዲው በታች ባለ አንድ ባር ላይ በብሎን ታስረዋል፤ ብሬከሩ ቢወርድም ባይወርድም እንደታሰሩ ናቸው። አሁን ከሰባቱ በአንዱ መስመር ላይ፣ ግድግዳ ውስጥ፣ ኒውትራሉ ከኧርዙ ሽቦ ጋር ተነካካ እንበል። ብልጭ የሚል ነገር የለም፣ የሚሸት የለም፣ ሶኬቶቹ ሁሉ ይሠራሉ፤ በኒውትራልና በኧርዝ መካከል ያለው ጥቂት ቮልት ብቻ ነውና። ነገር ግን ከምጣዱ የሚመለሰው 16 አምፒር ባሩ ላይ ሲደርስ ሁለት መንገድ ያገኛል። አንደኛው ትክክለኛው ነው፤ በአርሲዲው አልፎ ወደ ቆጣሪው፣ ከዚያ ወደ ፖሉ። ሁለተኛው በባሩ በኩል ወደ ተበላሸው መስመር ኒውትራል ገብቶ፣ በተነካካበት ቦታ ወደ ኧርዝ ሽቦው ተሻግሮ፣ ግቢው ውስጥ በተቀበረው ዘንግ ወደ አፈሩ መግባት ነው። አብዛኛው በመጀመሪያው ይሄዳል። በሁለተኛው የምትሄደዋ ቅንጣት ግን በአርሲዲው ቀለበት አትመለስም፣ ስለዚህ ከሂሳቡ ትጎድላለች።

የምጣዱ ብሬከር ሲጠፋ አርሲዲው ያልወረደው ለዚህ ነው። ምጣዱ ፍሳሹን የፈጠረው ሆኖ ሳይሆን፣ በተሰበረው በኩል የሚፈሰውን ኤሌክትሪክ ያቀረበው እሱ ስለነበረ ነው። የተበላሸው መስመር ብሬከር ቢጠፋ ደግሞ ምንም ለውጥ አይመጣም፣ ኒውትራሉ ባሩ ላይ እንዳለ ነውና። ብሬከሮችን አንድ በአንድ እያጠፉ መፈተሽ የፌዝ ፍሳሽን ያገኛል፤ የኒውትራልን ፍሳሽ ግን ከማጣትም አልፎ ንጹሑን ዕቃ ያስወነጅላል።

ደረቅ ቀን የሆነበትም ምክንያት እዚሁ ውስጥ አለ፣ በትንሽ ሂሳብ እንየው። ከፖሉ እስከ ቤቱ ያለው ኒውትራል ሽቦ ጥቂትም ቢሆን ተቃውሞ አለው፤ 0.2 ኦም ነው እንበል። 16 አምፒር ሲመለስበት 3.2 ቮልት ይፈጠራል፤ ኤሌክትሪኩን በመሬቱ በኩል የሚገፋው ይህ 3.2 ቮልት ነው። ክረምት ላይ፣ አፈሩ ረጥቦ የዘንጉ ተቃውሞ 60 ኦም ቢሆን፣ ወደ መሬት የሚሄደው 53 ሚሊ አምፒር ነው። አርሲዲው ምጣዱ በተሰካ ቁጥር፣ ያለ ምንም ማመንታት ይወርዳል፤ እንዲህ ያለ ጥፋት ደግሞ በአንድ ቀን ይገኛል። ጥር ላይ አፈሩ ደርቆ ዘንጉ 140 ኦም ሲደርስ ግን 23 ሚሊ አምፒር ብቻ ይሄዳል። ይህ ከ15 በላይ፣ ከ30 በታች ነው። ድርቀቱ ፍሳሹን አላጠፋውም፣ ጫፉ ላይ አቆመው እንጂ። ከዚያ በኋላ ትንሽ ነገር ትበቃለች። ፍሪጁ ሲነሳ ይወርዳል። በአንድ መስመር ላይ ያለ ጎረቤት ምጣዱን ቢሰካ የጋራው ኒውትራል ቮልቴጅ ከፍ ይልና ይወርዳል። ቤቱ ውስጥ ምንም ሳይበራ ማታ የወረደውም የጎረቤት ማዕድ ቤት ቢሆን አይገርምም።

ባለቤቱ ራሱ፣ ሳጥኑን ሳይከፍት፣ እስከዚህ መድረስ ይችላል። መጀመሪያ ዕቃዎቹን ሁሉ መንቀል ነው፤ ማጥፋት ሳይሆን መንቀል። ማጥፊያው ፌዙን ብቻ ስለሚቆርጥ የጠፋ ዕቃም በኒውትራሉ በኩል ሊያፈስ ይችላል። ዲቫይደር ላይ የተሰኩትን፣ ከቁም ሳጥን ጀርባ የተረሳውን ቻርጀርና የግቢውን የውሃ ፓምፕ ሳይቀር። ከዚያ ደህና መሆኑ የታወቀ አንድ ከባድ ዕቃ ብቻ ሰክቶ መጠበቅ። ካልወረደ ጥፋቱ ከተነቀሉት ውስጥ ነው፤ በየቀኑ አንድ ወይም ሁለት እየመለሱ መከታተል ይቻላል። ከወረደ ደግሞ ከባዱን ዕቃ በሌላ ከባድ ዕቃ፣ ከተቻለም በሌላ መስመር ላይ ባለ ሶኬት፣ ቀይሮ ማየት ነው። በሁለቱም ከወረደ ዕቃዎቹን ትቶ ወደ ግድግዳው መዞር ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው፤ ዋናው ማጥፊያ ቢጠፋም ከቆጣሪው የሚገባው ሽቦ የታሰረበት ተርሚናል ሕያው ሆኖ ይቀራልና።

የቪላው ቴክኒሻን ዋናውን አጥፍቶ፣ በሜትር መጥፋቱን አረጋግጦ፣ ከኒውትራል ባሩ ላይ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በካቻቪቴ ፈታ። ይህች ቀላል የምትመስል ሥራ የፍለጋው ልብ ናት፤ ሁሉም ባሩ ላይ እንደታሰሩ ቢለካ የአንዱ ጥፋት በሰባቱም ላይ ይታያል። ለብቻቸው ከተለያዩ በኋላ ሜትሩን ኦም ላይ አድርጎ አንዱን ጫፍ የኧርዝ ባሩ ላይ፣ ሌላውን በየተራ በየኒውትራሉ ጫፍ ላይ አስነካ። ስድስቱ ላይ ሜትሩ ምንም መንገድ አላገኘም። አንደኛው ላይ 8 ኦም አሳየ፣ ከዚያ 11፣ ከዚያ ደግሞ ወደ 9 ተመለሰ። ለማነጻጸር፣ በ220 ቮልት 30 ሚሊ አምፒር ለማፍሰስ 7 ሺህ ኦም ያህል ይበቃል፤ እዚህ ያለው በጥቂት ኦሞች የሚቆጠር ነው። ቁጥሩ አንድ ቦታ አለመርጋቱም ራሱ ወሬ ነበረው፤ በደንብ የተጣበቀ ሳይሆን የሚነካካ ነገር እንዳለ ይናገራል።

ኒውትራሉ የየትኛው መስመር ነው? ባሩ ላይ ያሉት ሽቦዎች እንደ ብሬከሮቹ ቅደም ተከተል አልታሰሩም ነበር፤ በብዙ ቤት እንደዚሁ ነው። መብራቱ ጠፍቶ እንዳለ በረጅም ሽቦ ከየሶኬቱ ኒውትራል ጋር እያገናኘ ለካና የአምስተኛው ብሬከር መስመር ሆኖ ተገኘ። ሳሎኑንና አንድ መኝታ ቤት የሚያዳርስ፣ ስድስት ሶኬቶች በተርታ የተያያዙበት። ከማዕድ ቤቱ ጋር በግድግዳም በሽቦም አይገናኝም።

አሁን ስድስቱንም ሶኬት መፍታት ሞኝነት ነው። ከመካከል ይጀመራል። ሦስተኛውን ሶኬት ፈትቶ ከሳጥኑ የሚመጣውንና ወደ አራተኛው የሚሄደውን ሽቦ አለያየና ሁለቱንም ወገን ለካ። ከሳጥኑ በኩል ያለው ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ወደፊት ነው። አምስተኛውን ፈታ። ከእሱ ወዲያ ወደ ስድስተኛው ያለው ንጹሕ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ በሦስተኛውና በአምስተኛው መካከል ነው፤ አራተኛው ሲፈታ ከአራተኛው ወደ አምስተኛው ያለው ቁራጭ ላይ ቀረ። ሁለቱ ሶኬቶች የመስኮቱ ግራና ቀኝ ናቸው፤ ሽቦውም በኮንዲዩት ወደ ላይ ወጥቶ ከመስኮቱ በላይ ተሻግሮ ይወርዳል።

«እትዬ፣ ይህ መጋረጃ መቼ ተሰቀለ?»

«ጥቅምት ላይ። ሳሎኑን ስናስቀባ ነው ዘንጉን ያስቀየርነው።»

ሜትሩን እዚያው አንጠልጥሎ መጋረጃውን ጎተት አደረገ። ቁጥሩ ከ9 ወደ 300 ዘለለ። ሲለቀው ወረደ። የዘንጉ ማሰሪያ ብሎን ፊሸሩን አልፎ ኮንዲዩቱን በስቷል፤ የኒውትራሉን ፕላስቲክ ልጦ ጎኑ ካለው ኧርዝ ጋር አገናኝቷል። ፌዙን በጥቂት ሚሊ ሜትር ስቶታል። ፌዙን ቢነካው ኖሮ ብሬከሩ በዚያችው ቅጽበት ወርዶ ሠራተኛው ገና ድሪሉን ሳያስቀምጥ ጉዳዩ ይታወቅ ነበር። ጠዋት መጋረጃ ሲከፈት፣ ማታ ሲዘጋ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ነፋስ ሲያወዛውዘው የብሎኑ አነካክ ይለዋወጣል፤ የአርሲዲው አመልም አብሮ።

ጥገናው ብሎኑን አውጥቶ ናስትሮ መጠቅለል አይደለም፤ ግድግዳ ውስጥ ያለ ቁስል በናስትሮ አይድንም። በአራተኛውና በአምስተኛው ሶኬት መካከል ሦስቱም ሽቦዎች ተስበው ወጥተው በአዲስ ተተኩ፣ የመጋረጃው ማሰሪያም ከኮንዲዩቱ ራቅ ተደረገ። ከዚያ መስመሩ በሜገር ተፈተነ። ሜገር ተራ መልቲሜትር አይደለም። መልቲሜትር ሽቦውን በጥቂት ቮልት ነው የሚጠይቀው፣ ሜገር ግን በ500 ቮልት። እንደዚህ ቤት ያለውን ግልጽ መነካካት መልቲሜትርም ያገኘዋል፤ ቮልቴጅ ሲበዛበት ብቻ የሚያፈስን ያረጀ ሽቦ ግን የሚያጋልጠው ሜገር ነው። ከመፈተኑ በፊት ዕቃዎች ሁሉ መነቀል አለባቸው፤ 500 ቮልቱ ቴሌቪዥንና ቻርጀር ያቃጥላል። ዓለም አቀፉ ደረጃ ለቤት መስመር የሚፈልገው ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም ነው፤ ጤነኛ መስመር ከዚያ በብዙ እጥፍ ያሳያል።

እንዲህ ተፈልጎም ጥፋተኛ የማይገኝበት ቤት አለ። ኒውትራሎቹ ንጹሐን፣ ሽቦዎቹ ጤነኞች፣ ዕቃዎቹ አንድ በአንድ ሲሞከሩ ደህና፤ አርሲዲው ግን ይወርዳል፣ በተለይ መብራት ሄዶ ሲመጣ። እዚህ ወንጀለኛው ብዛት ነው። ኮምፒውተር፣ ማጠቢያ ማሽንና ኧርዝ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ሁሉ የመስመር ጩኸት ለማጣራት በውስጡ በያዛቸው ትንንሽ ካፓሲተሮች በኩል ወደ ኧርዝ ጥቂት ያፈሳል፤ ከአንድ ሚሊ አምፒር ያነሰም እስከ 3.5 ድረስም ሊሆን ይችላል፣ ብልሽት ሳይሆን አሠራሩ ነው። የአሥር ዕቃ ሲደመር አርሲዲውን ጫፉ ላይ ያቆመዋል፤ መብራት ሲመጣ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሞሉ ይገፉታል። ሲሠራ የሚውለው ጤነኛ ፍሳሽ ከአርሲዲው መጠን 30 በመቶ፣ ማለትም ከ9 ሚሊ አምፒር ባይበልጥ ይመከራል። ይህን ለመለካት ፍሳሽ የሚለካ ክላምፕ ሜትር ያስፈልጋል፤ የመስመሩን ፌዝና ኒውትራል አንድ ላይ፣ ኧርዙን ግን ውጭ ትቶ፣ በመንጋጋው ይይዛቸውና ልዩነታቸውን በሚሊ አምፒር ያነባል። መብራት ሳይጠፋ በየመስመሩ መዞር ስለሚቻል አስቸጋሪ ፍሳሽን ለማደን ከሁሉ የፈጠነ ነው። ገበያ ላይ በብዛት ያለው ተራ ክላምፕ ሜትር ግን ለዚህ አይረዳም፤ 10 ሚሊ አምፒር ለእሱ ከዜሮ አይለይም።

አርሲዲው ራሱ የሚበላሽበት ጊዜም አለ፣ ግን ሰው እንደሚገምተው ብዙ አይደለም። መለያው ቀላል ነው። ቴክኒሻኑ ከአርሲዲው በታች የሚወጡትን ሁለቱንም ሽቦዎች ፈትቶ ባዶውን ያነሳዋል። ባዶውን ከወረደ ችግሩ ከእሱ ነው፤ ባዶውን ቆሞ ከዋለ ችግሩ ከታች ነው። «ቲ» ቁልፉን በየጊዜው መጫን ጥሩ ነው፤ ሆኖም ቁልፉ የሚፈትነው የመሣሪያውን ቀለበትና መያዣ ብቻ ነው። የቤቱ ኧርዝ መኖር አለመኖሩን አይናገርም።

ቴክኒሻኑ ከመሄዱ በፊት ኒውትራሎቹን እንደ ብሬከሮቹ ቅደም ተከተል ባሩ ላይ መልሶ አሰረና እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ለጠፈ። ሴትየዋ ዳግመኛ እንዲህ ላለመንከራተት ምን ማድረግ እንደሚቻል ሲጠይቁት አርሲቢኦ የሚባለውን ነገራቸው፤ ብሬከርና አርሲዲ በአንድ ላይ የሆነ፣ ለእያንዳንዱ መስመር ለብቻው የሚገጠም። የመስመሩ ኒውትራልም በእሱ ውስጥ ስለሚያልፍ የሚወርደው የሚያፈሰው መስመር ብቻ ነው፤ ሌላው ቤት መብራቱ አይጠፋም፣ ፍለጋውም በግማሽ ያልቃል። ለሰባቱም መግዛት ውድ ይሆናል። እሱ የመረጠላቸው ለማዕድ ቤቱ፣ ለቦይለሩና ለግቢው መብራት ሦስት ብቻ አስገብቶ የቀሩትን አራቱን በነባሩ አርሲዲ ሥር መተው ነበር። ሦስቱ ግን ከነባሩ አርሲዲ ሥር ወጥተው ከዋናው ማጥፊያ በቀጥታ እንዲመገቡ፣ ኒውትራላቸውም ከጋራው ባር ተነቅሎ በየራሳቸው መሣሪያ ውስጥ እንዲያልፍ አስጠንቅቋል፤ አንዱ ኒውትራል ተረስቶ አሮጌው ባር ላይ ከቀረ ሁለቱም መሣሪያዎች የሚጎድል ኤሌክትሪክ ያያሉ፣ ዕቃው በበራ ቁጥርም ይወርዳሉ።